የርክክቡ አራተኛ ገጽ

ሰው ሲያቀናልኝ አላምንም፤ አመሌ ነው። ዲላ ያለው ቢሯችን የቡና ማሳ እየጎበኘ ገበሬዎችን ለኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያዘጋጃል። አንዲት ባልደረባዬ ሥራ ስትለቅ ተረካቢው እኔ ሆንኩ። አራት ገጽ የርክክብ ሰነድ ስትሰጠኝ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይህቺ ደግሞ ምን ልትጭንብኝ ነው?» የሚለውን ነበር። የምስክር ወረቀቱ መርማሪዎች ከአስር ቀን በኋላ ይመጣሉ። ከፈረምኩ በኋላ አንድ ጉድለት ቢገኝ የምባረረው እኔ ነኝ።

አንደኛው ገጽ የየሳምንቱ ሥራዋ ነው፤ ሁለተኛው የገበሬዎቹ ስልክ። ከአንዱ ቁጥር አጠገብ «የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ከተማ ወጥቶ ነው» ብላለች። ሰበብ መሰለኝ፤ ደንበኞቹን ይዛ ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ደሜ ፈላ። ስለ ፓስወርድ መመሪያው ተጽፏል፤ ፓስወርድ የሚባል ነገር ግን የለም።

«ፓስወርዱስ የታለ?» አልኳት።

«እሱማ አይጻፍም፣ ወንድሜ። አንተ በራስህ ስም ትገባለህ፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ዛሬ ይከፍትልሃል። የእኔን አስራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋዋል። መመሪያው ላይ አንተም ፈርመሃል እኮ።»

ፈርሜያለሁ፤ አላነበብኩትም እንጂ። አላመንኳትም፣ ባለሙያው ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ያለችው ልክ ነበር። ልክ መሆኗ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

አራተኛው ገጽ «ያልተጠናቀቁ ሥራዎች» ይላል። ጥፋቷን ላገኝ ጓጉቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ወናጎ፣ ሦስት ማሳዎች። ቅጹ ተሞልቷል፤ ማሳው ግን አልታየም። ከምርመራው በፊት ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።»

ቅጾቹን የሞላኋቸው እኔ ነበርኩ። ዝናብ ሰበብ ሆኖኝ፣ ዲላ ቁጭ ብዬ ከአምናው ነበር የገለበጥኳቸው። የማን ሥራ እንደሆነ አልጻፈችም። ለምስክርነት የተቀመጡት ኃላፊያችን «ጥያቄ አለህ?» አሉኝ። «የለኝም» አልኩና ፈረምኩ። እሷ ወረቀቷን ሰብስባ፣ ሁላችንንም ተሰናብታ ወጣች።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ወናጎ ስሄድ እንኳ መጠርጠሬን አልተውኩም። ለኃላፊው በቃል ነግራቸው ይሆናል፤ ገበሬዎቹንም አሳድማብኝ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ የመጀመሪያው ማሳ ደረስኩ። ባለቤቱ አዛውንት ከእንሰቱ መሀል ወጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መጣህ ልጄ? ያቺ ልጅ ባለፈው መጥታ ነግራናለች። ጓደኛዬ ታሞ ነው የቀረው፣ ሲሻለው ራሱ ይመጣል አለችን።» ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «እኛም በጸሎት አስበንህ ነበር። አሁን ተሻለህ?»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። «ተሽሎኛል፣ አባባ» አልኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልኩም።