ካዚኖው የያዘብኝ የሐውልት ገንዘብ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው፤ በረዶው ገና አልቀለጠም። እዚህ በሰው አገር፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈር ካለው መጋዘን ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ቀኑ አላልቅ ይለኝ ነበር።

ስልኬ ላይ ካዚኖ መጫወት የጀመርኩት በአሥር ዶላር ነው። ሲነኩት ሥዕሉ ይሽከረከራል፤ አንዳንዴ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ይበላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመቃብሯ ሐውልት ያስቀመጥነውን ሦስት ሺህ ዶላር ጨረስኩት። ገንዘቡ የነበረው በእኔና በልጄ የጋራ አካውንት ነው። እናቷ ስትሞት ቢሎቼን እንድትከፍልልኝ ብዬ ባንክ ወስጄ ያስገባኋት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ስጫወት ሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር አሸነፍኩ። ወዲያው ወደ ባንኬ እንዲላክ ጠየቅኩ። መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀትና የፊቴን ፎቶ ላክ አሉኝ፤ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን «ማንነትዎ ተረጋግጧል» የሚል ኢሜል መጣ። አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

ገንዘቡ ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ቻት ላይ በጠየቅኩ ቁጥር «በተጨማሪ ምርመራ ላይ ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ ነገሩን ገለጠልኝ፤ የባንኩ አካውንት ላይ የሌላ ሰው ስም አለ፣ የመጨረሻ ስሟም ከእርስዎ ጋር አይገናኝም፣ ማን ናት?

ልጄ ናታ! በእኛ ወግ የእሷ መጨረሻ የእኔ ስም ነው፤ የእኔ መጨረሻ ደግሞ የአባቴ። እነሱ ዘንድ ይህ ባዕድ ነው።

ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ የማውቀው በአገር ቤት ቢሮ ለቢሮ ይዤው የዞርኩትን ማመልከቻ ነው፤ በዚያው ወግ ጽፌ ስልኬ ተረጎመልኝ። ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ጤና ተመኘሁ። ስንት ዓመት ካርቶን እንደተሸከምኩ፣ ባለቤቴ እንዴት እንደታመመች፣ የሐውልቷን ገንዘብ እንዴት እንዳጠፋሁና እንቅልፍ እንዳጣሁ ነገርኳቸው። መቼ ጠየቅኩ፣ ስንት ነው የያዛችሁብኝ የሚለውን ግን አልጻፍኩም።

የመለሱልኝ በቁማር የተቸገሩ ሰዎች የሚደውሉበትን ስልክ ነው። የመጫወቻ አካውንቴንም ዘጉት። ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላሉም።

ቅዳሜ ልጄ ስትመጣ ስልኩን ሰጠኋትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የሰው አቤቱታ ስታነብ ነው የምትውለው። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ይሰባበራል።

«አባዬ፣ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አካውንቱን። ባለፈው ወር ቢል ስከፍል። እስክትነግረኝ ዌይት አደረግኩ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤዬን ከፍታ አነበበች።

«ይሄ ሌተር አይደለም፣ ኑዛዜ ነው» አለች።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ዴቱን፣ ዶላሩን፣ የላክከውን ዶክዩመንት። ከዚያ ገንዘቤን ላኩ፣ ካልላካችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ። በቃ።»

«ሰላምታ ሳይኖረው? የሰው ፊት አይፈራም እንዴ?»

«ፊታቸውን የት አየኸው፣ አባዬ?»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

እሷ የጻፈችው አንድ ገጽ አልሞላም። ገንዘቡን የጠየቅኩበትን ቀንና ልኩን፣ ማንነቴ የተረጋገጠበትን ኢሜል፣ አካውንቱ የጋራችን መሆኑን የሚያሳይ የባንክ ደብዳቤ፣ አባቷ መሆኔ የተጻፈበትን የልደት ወረቀቷን አያያዘች። በእኛ ባህል ልጅ የአባቷን ስም እንደምትይዝ በሁለት መስመር አስረዳች። የመጨረሻ መልስ በጽሑፍ ጠየቀች፤ ካልሰጡ ጉዳዩን ለክፍለ ሀገሩ የቁማር ተቆጣጣሪ እንደምንወስደው ጨመረች። ከመላኳ በፊት ቃል በቃል አነበበችልኝና ስሜን እንድጽፍ ስልኩን መለሰችልኝ።

ገንዘቡ በዘጠነኛው ቀን ገባ። በዚያው ቀን ሌላም ካዚኖ እንዳያስገባኝ ራሴን አሳገድኩ፤ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር።

ሙት ዓመቱ ግን ገንዘቡ ሳይገባ፣ ሐውልቱም ሳይቆም አልፎ ነበር። በዕለቱ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሰዎች መቃብሯ ላይ በረዶው ውስጥ የተተከለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት ከበው ቆሙ። አንዲት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው «ድንጋዩስ?» አሉኝ።

«ካዘዝነው ቦታ ዘግይቶብን ነው» አለች ልጄ ፈጠን ብላ።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ «ለአንተ ብዬ ዋሸሁ፣ አባዬ» አለችኝ። ድንጋዩ የቆመው መሬቱ ከላላ በኋላ ነው። ዛሬም ሳየው መጀመሪያ የሚታየኝ የዚያን ቀን ባዶው ቦታ ነው።

ያንን ሁሉ ያሻገረችኝ ልጄ ናት።