የክቡ ደርብ ቀረጻ

ጉልበቱ ዳገት አልወጣ ሲለው ደሳለ አስጎብኚነቱን ትቶ ቤት ማሻሻጥ ጀመረ። ላሊበላ ውስጥ እንግዳ ይዞ ያልዞረበት ሰፈር ስላልነበረ ሥራው አልከበደውም። ሰው ምን ሲያይ እንደሚቆም፣ የት ጋ ሲደርስ ካሜራውን እንደሚያወጣ አውቃለሁ ብሎ ያምን ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ አቶ አዝመራው የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ ደወለለት። የእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ግቢ እየፈለገ ነው።

«ለመምጣት አልተመቸኝም፤ በቪዲዮ አሳየኝ። ግን እንዳትቆራርጥብኝ። እኔው ራሴ በበሩ ገብቼ የዞርኩ ያህል ይሁን» አለው።

ለደሳለ ወዲያው የታየው የእትዬ አመተ ጊዮርጊስ ግቢ ነበር። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ባላቸው መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ቀርተዋል። ኩልመስክ ያለችው ልጃቸው ሰብሌ «እኔ ጋ ይምጡ» እያለች ስትወተውታቸው ስለከረመች፣ ግቢውን ለመሸጥ ቆርጠው ነበር። ከፊት ለገና ተሳላሚ የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። ከኋላ ደግሞ አያታቸው በቀይ ድንጋይ ያሠሩት፣ ደረጃው በውጭ የሚዞር ክብ ደርብ ቆሟል።

ደሳለ ቁጭ ብሎ ለካሜራ ባለሙያው የቀረጻውን አካሄድ ጻፈለት። «ከመንገዱ ጀምር፤ ባጃጅ በር ድረስ እንደሚገባ ይታይ። ካሜራውን ሳታጠፋ ግባ። ክፍል ስትገባ ጥግ ላይ ቁምና አንዴ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መስኮቱን ፊት ለፊት አታንሳ፤ ክፍሉ ይጨልማል።» ቀጥሎ ካሜራው ቆም የሚልባቸውን ገዢ የሚስቡ ሦስት ነገሮች መረጠ። አንደኛው ቧንቧ ሲጠፋ የማይነጥፈው የውኃ ታንከር ነው፤ የታንከሩ ቧንቧ ተከፍቶ ሲፈስ ይታያል። ሁለተኛው ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳየው በረንዳ ነው። ዋናውን ለመጨረሻ አቆየው። «ደርቡ ጋ ስትደርስ ቀስ ብለህ ዙሪያውን ዙር፤ ከዚያ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ» ብሎ ጻፈ።

የሚቀርጸው ወንድምአገኝ የሰርግ ካሜራ ባለሙያ ነው። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊቱ ሲሄዱ፣ ልማዱ ሆኖበት ቤቱን ትቶ እሳቸውን ተከተለ።

«ኧረ ቤቱን! ቤቱን!» አለ ደሳለ።

«እኔስ ወዴት ልግባ?» አሉ እትዬ ግራ ተጋብተው።

እንደገና ከመንገዱ ጀመሩ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ። ደርቡ ጋ ሲደርሱ ደሳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበ፣ ግድግዳው ብርዱንም ሙቀቱንም እንዴት እንደሚመልስ ተናገረ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመው አፋቸውን ይዘው ሰሙት።

ቪዲዮው በሜሞሪ ካርድ ተደርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚበር ሰው ተላከ። አቶ አዝመራው ካየው በኋላ ደወለ።

«የመጨረሻዋ ጨረሰችኝ! እወስደዋለሁ» አለ።

«ደርቡን ነው አይደል?» አለ ደሳለ በደስታ።

«ደርቡ የቆመበትን ነዋ! ዙሪያውን ስትዞሩት እኮ ነው ስፋቱን ያየሁት። እሱ ሲፈርስ ስንት ክፍል ይወጣዋል መሰለህ!»

ደሳለ ስልኩን ዘግቶ የቀረጻውን ወረቀት አውጥቶ አየ። ዙር ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ታዲያ ያሳየው ቤቱን ነው ወይስ ባዶ መሬቱን? እትዬ እንዳይሰሙ ሊደብቅ አስቦ አልሆነለትም፤ ሄዶ ነገራቸው። ያለቅሳሉ ብሎ ነበር።

«ያፍርሱታ» አሉ እትዬ። «መሪጌታን የሰበረቻቸው ያቺ ደረጃ አይደለችም? የደርቡን የወይራ በር ብቻ ለሰብሌ ልውሰድላት።»

«እኔ እኮ እንዲወዱት ብዬ ነበር።»

«ገዙት አይደል፣ ልጄ? ሌላ ምን ይሁኑ?»

ደስ ሊለው ይገባል፤ ሻጭም ገዢም ተስማምተዋል። ግን ደስ አላለውም።

ሽያጩ ካለቀ በኋላ በሩን ነቅለው ወደ ኩልመስክ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ሲጭኑ ደሳለም አገዘ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ጋቢና ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ጠሩት።

«ያን ቀን ካሜራው ፊት ስለ ድንጋዩ ያወራኸው እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ። ለፈረንጁ ሁሉ የምነግረው ነው።»

«ታዲያ እኛ ስንኖርበት ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረን?» አሉት። ቁጣ የለበትም፤ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ደሳለ የመኪናውን በር እንደያዘ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። «በሰላም ይግቡ» ብቻ አላቸው።