ጥጉ የታጠፈ ካርድ

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጣለች። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «እትዬ መዝገብ» ነው የሚላት። በሽተኛ ገና በበሩ ብቅ ሲል ካርዱ ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ እጇ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ከገባ ስድስት ዓመት ቢሆነውም የወረቀት ካርዶቹን አንድም ቀን አልናቀቻቸውም።

ለዚህም ምክንያት ነበራት። የልብ ስፔሻሊስቱ፣ ዝምተኛው አዛውንት፣ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቀጠሮው ሊገፋ የማይገባውን በሽተኛ ካርድ የላይኛውን ጥግ በአውራ ጣታቸው እጥፍ ያደርጉታል። «ይህን ሰው እንዳትገፉብኝ» ማለታቸው ነው። ይህን ምልክት የሚያውቁት እሷ፣ ዋናዋ ነርስና ሐኪሙ ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ባሏ ግን ያውቀዋል፤ በደጉ ጊዜ ቤት ውስጥ አውርታለታለች።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ራሳቸው ታመው መተኛታቸው ተሰማ። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ይህን በሩ ላይ ይለጥፉልኝ። ለሁሉም በስልክ መልእክት ይላካል።»

ወረቀቱ «ሐኪሙ በጠና ስለታመሙ ቀጠሮዎች በሙሉ ተሰርዘዋል» ይላል። መነጽሯን አውልቃ ሥራ አስኪያጁን አየችው።

«ልጄ፣ ይህን የሚያነቡት ልባቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ደረጃው ላይ ልትጥላቸው ነው?»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«አትዋሽ። የሐኪሙ ሕመም ግን የሐኪሙ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ አይለጠፍም። ተሰርዟል የሚለውንም አውጣው። ሰውየው የተጣለ ይመስለዋል።»

ብዕሯን አንስታ ለግማሽ ሰዓት ጻፈች፤ ነርሷም አንድ መስመር አስጨመረቻት። እንዲህ ወጣ፦

«ክቡራን ታካሚዎቻችን፦ የልብ ስፔሻሊስቱ ለጊዜው በሥራ ላይ ስለማይገኙ የቀጠሮ ቀንዎ ተለውጧል። ይህ እንደሚያሳስብዎ እናውቃለን፤ ክትትልዎ አይቋረጥም። አዲሱን ቀን በስልክ እንነግርዎታለን። እስከ ረቡዕ ካልደወልንልዎ ወይም ቀኑ ካልተመቸዎ በካርድ ክፍሉ ስልክ ይደውሉ፣ ወይም ካርድዎን ይዘው ይምጡ። መድኃኒትዎን ሐኪም ሳያዝዝ አያቋርጡ፤ ሊያልቅብዎ ከሆነ ይንገሩን። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ተጋድሞ ለመተንፈስ መቸገር ወይም የእግር እብጠት መጨመር ካለ አዲሱን ቀን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ካርድ ሲቆጥሩ አገር ተጎድቷል» ብሎ ሄደ።

ከሌላ ሆስፒታል የሚመጣው ተተኪ ሐኪም ሐሙስ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው ያያል። የቀሩት አምስት ሳምንት ይገፋሉ። ነርሷ ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

«የታጠፉትን አውጪልኝ። ፋይላቸውን ከተተኪው ጋር በስልክ አይተን ሐሙስ እናስገባቸዋለን።»

እትዬ መዝገብ አውራ ጣቷን በካርዶቹ ጥግ ላይ እያስኬደች መረጠች። አሥራ አንድ ሆኑ። አንድ ሌላ ካርድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጥጉ ለጥ ያለ ነው። የባሏ ካርድ ነው።

የዘረጋችው ራሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የዕለቱ ካርዶች ተሰብስበው ሲመለሱ የባሏ ካርድ ታጥፎ አገኘችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን ከመስኮቱ ተቀብሎ ወደ ሐኪሙ የሚወስደው እሱ ራሱ ነው። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ያቺን እጥፋት ያየ ቀን ምን እንደሚሆን አሰበች። ጥጉን ዘረጋችና ካርዱን ከትልቁ መዝገብ ሥር አሳደረችው። ቀጠሮውን እኔው እጠብቅለታለሁ አለች፤ ሐኪሙ ይታመማሉ ብሎ ማን ያስባል?

«ጨረስሽ?» አለች ነርሷ።

ባሏን በጓሮ በር አስገባች ይሉኛል ብላ ፈራች። ካርዱን ለምን ዘረጋሽው ብትባል ደግሞ መልስ የላትም። ካርዱን ወደ ቦታው መለሰችው።

«ጨረስኩ።»

ማታ ቤት ስትገባ ባሏ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ እያነበበ ነው።

«መጣልኝ! አምስት ሳምንት ገፍተውኛል፤ አንዲት ቀጭን ድምፅም ደውላ ነገረችኝ። ጽሑፉ ግን የአንቺ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«‹እንደሚያሳስብዎ እናውቃለን› የሚል ቢሮ የት አለ? እኔን ሠላሳ ዓመት የነዘነዝሽኝ ሴትዮ ነሽ እንዲህ አሳምረሽ የምትጽፊው?» ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። «በይ ደስ ይበልሽ። ካርዴ አልታጠፈማ! ቢታጠፍ ኖሮ ይገፉኝ ነበር?»

ራት አቀረበችለት።

ጠዋት አልጋውን ስታነጥፍ በእሱ በኩል ሦስት ትራስ አገኘች። ሦስተኛው ከሳሎኑ ወንበር የመጣ ነው። ካልሲውን አነሳች፤ ትናንት ማታ ሲያወልቀው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠልቆ የቀረውን መስመር አስታወሰች። ነርሷ ያስጨመረቻት መስመር ቃል በቃል መጣባት። ተጋድሞ ለመተንፈስ መቸገር። የእግር እብጠት። ለማታውቀው ሰው ሁሉ ጽፋ ከራሷ ቤት ሳታነበው አደረች።

«ትራሱ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሹፌር እኮ ቀና ብሎ ነው የሚተኛ» አለና ፊቱን አዞረ።

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ክሊኒኩ ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ነርሷ ክፍል ገብታ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይህም ታጥፎ ነበር። እኔ ነኝ የዘረጋሁት።»

ነርሷ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። መስመሩ አልጠፋም፤ እንደ ጠባሳ ይታያል።

«ምን ነካሽ አንቺ? አንቺ ነሽ ይህን የምታደርጊው?»

«እንዳያየው ብዬ።»

ነርሷ ካርዱን አስቀመጠች። ፋይሉን አስወጥታ አነበበች። «እንዴት ነው የሚተኛው?»

«በሦስት ትራስ። እግሩም አብጧል።»

«ሐሙስ አይደለም እንግዲህ። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ የፋይሉንም ማጠቃለያ እሰጥሻለሁ። አምቡላንስ ከቤቱ ያንሳው፤ በእግሩ እንዳይንቀሳቀስ።»

እትዬ መዝገብ በካርድ ክፍሉ ስልክ ለባሏ ደወለች። ለሰው ሁሉ የምትደውልበት ስልክ ነው፤ ድምፅዋም በልማድ ያንኑ ያዘ።

«ከክሊኒኩ ነው። ቀጠሮዎ ተለውጧል።»

«አሁን ደግሞ ወዴት ገፋችሁኝ?»

«አልተገፋም። ዛሬ ነው። አሁን።»

ትንፋሹ ይሰማታል፤ አጭር፣ ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ።

«ታጥፎ ነበር?»

«ነበር።»

«ማን ዘረጋው?»

«እኔ።»

በዚያው ባረጀ የሹፌር ድምፁ «ምን ምን ልያዝ?» አላት።

«የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው። መታወቂያህን። አጃቢ ሰው።»

«አጃቢ የለኝም፤ ሚስቴ ሥራ ላይ ናት።»

«መጣሁ። ካርዱን ይዤልህ እመጣለሁ። ደረጃውን እንዳትወርድ፣ የኔ ጌታ፤ ተቀምጠህ ጠብቀኝ።»

ከአምቡላንሱ እኩል ደረሰች። ቀና አድርገው አስቀምጠው አወረዱት፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። መኪናው ሲነሳ እጁን ዘረጋ፤ ካርዱን ሰጠችው። ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ በአውራ ጣቱ መስመሩን ፈለገና አገኘው። ጥጉን መልሶ አጠፈው፤ አጥብቆም ጫነው።

«አሁን ማንም አይገፋኝም» አላት።

እሷ ግን የሱን እጅ ይዛ፣ ጥጉ ተዘርግቶ የቆየበትን ሦስት ሳምንት በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር።