የሦስት እሁድ ደመወዝ

መርሳ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በሂሳብ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጉረኛ ነበርኩ፣ ምን ልደብቅ።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደከመና ወር በገባ በሃያኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ደመወዛቸው አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ለሠላሳ አካፈልኩ፣ የቀኑ መቶ ሃምሳ መጣ። ከሃያው ቀን ሦስት እሁድ ቀነስኩና በዐሥራ ሰባት አባዛሁ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው ብሩን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ እኔ እኮ እሁድም በሩ ላይ ነበርኩ» አሉኝ በቀስታ።

ወዛደሩ ሁሉ የሳምንት ደመወዙን ሊቀበል ተሰልፏል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባባ፣ አንቱ በር መጠበቁን ይወቁ፣ ቆጠራውን ለእኛ ይተዉት። ያልሠሩበትን ነው እንዴ የሚጠይቁት?» አልኳቸው። ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፈረሙና ወጡ።

በወሩ መጨረሻ፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን ለተቀጠረ ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ በዚያው መንገድ ሠራሁለት። ዲግሪ ያለው ልጅ ነው። ወረቀቱን አየና፣ «እህቴ፣ ለሠላሳ ስታካፍይ እሁዱም አብሮ ተካፍሏል፤ ታዲያ ከቀኔ ላይ ለምን ትቀንሽዋለሽ? እሁድን የምታወጪ ከሆነ ለሃያ ስድስት አካፍይ» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩለት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ ግን ያን ጊዜ ነው፤ እሳቸውም ያሉኝ ያው እሁዱ አይቀነስብኝ ነበር እኮ። አንዱን የሰማሁት ዲግሪ ስላለው፣ በሌላው ላይ ያላገጥኩት ዘበኛ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የሦስቱን እሁድ አራት መቶ ሃምሳ ብር ይዤ በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ብሩን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

«ብሩስ ቢቀርም ይቀር ነበር» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ያልሠራሁበትን የጠየቅሁ ሆኜ ወጣሁ። ልጄ፣ እዚያው ሰልፉ ፊት ንገሪልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ አባባ፣ እነግርልዎታለሁ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ሰልፉ እንደተሰለፈ ቆሜ፣ «ዘበኛው ቀሪ ሦስት ቀን ነበራቸው፣ ተከፍሏቸዋል» አልኩ። ያን ዕለት የሳቀው ሰውዬ፣ «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው» አልኩት። የእሳቸውን ደመወዝ የሠራሁት በእጄ፣ በወረቀት ላይ ነበር።