ዞሮ ገባ

ተማሪዎቻቸው በስዋሂሊ «ምዋሊሙ»፣ መምህር፣ የሚሏቸው ዘርአብሩክ ሞያሌ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ዘንድሮ መርሳት ጀመሩ። ልጃቸው ሊና ወደ ክፍል ተመልሰው ማስተማር ይችሉ እንደሆነ ለማየት ሱቋ ጓሮ ሰሌዳ ሰቀለችላቸው።

«አባዬ፣ የሳይን ኤንኛ ዴሪቬቲቭስ?»

«ይቺማ ቀላል ናት!» አሉና በየተራ ጻፉ፦ ኮሳይን፣ ኔጌቲቭ ሳይን፣ ኔጌቲቭ ኮሳይን፣ ሳይን።

ድሮ እዚህ ላይ፣ አራተኛው ተመልሶ ሳይን ሲሆን፣ ጠመኔውን ያስቀምጡና «ዞሮ ገባ! ኤንን ለአራት አካፍላችሁ ቀሪውን እዩ» ይሉ ነበር። አሁን ግን ቀጠሉ፤ ኮሳይን፣ ኔጌቲቭ ሳይን... ሰሌዳው ሞላ።

«አባዬ፣ ዞሮ አልገባም?»

«ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ! ገና አዲስ ይመጣል።»

ሊና የማስተማሪያ ጋዋናቸውን ከሚስማሩ አውርዳ አጣጠፈችው።