ለቪዲዮው ልጅ የጻፍኩት ወንፈል

ያን መልእክት ስጽፍ ካፌው ውስጥ የነበርነው እኔና ዝንቦቹ ብቻ ነበርን። ቤቴ ደብረ ማርቆስ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ያለች፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት ናት። ፊት ለፊቷ መንገዱ ሲቆፈር ሰው በላይኛው በኩል መሄድ ጀመረ፤ ጉድጓዱ ተደፍኖም ለምዶበት በዚያው ቀረ። ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በዚያች ቤት ነው። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ደግነትም ልክ አለው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያሽ ካልተሻሻለ ቤቱን ለስልክ ጠጋኞች ልሰጠው ነው አሉኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና ነገሩ፣ በከተማችን ቪዲዮ እየሠራ በሚለቅ አንድ ልጅ ገጽ ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ተከታዩ ብዙ ነው። ማስታወቂያ የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ ይላል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። የመጀመሪያው ልመና ሆነብኝ፣ ሁለተኛው የቀበሌ ማመልከቻ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ።

«ወንድሜ፣ ቪዲዮዎችህን አያለሁ። ቁርስ ቤት አለኝ፣ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። የምከፍልህ ገንዘብ የለኝም። ወንፈል እንግባ። አንተ አንድ ቪዲዮ ሥራልኝ፣ አድራሻዬን ጻፍበት፣ ከገጽህም አታንሳው። እኔ ደግሞ ወሩን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁርስና ማኪያቶ እችልሃለሁ።»

መልሱ እስኪመጣ ስልኬን ከመዳፌ አላወረድኩም። ማታ መለሰ።

«እትዬ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። በወንፈል ምግብ አይቆጠርም፣ ምግብማ ማንም ያበላል። የሥራ ቀን የሚመለሰው በሥራ ቀን ነው። ቁርሱን ተይውና ስፈልግ አንድ ቀን ስጪኝ።»

አፈርኩ። ሮብ ገበያ አጠገብ አድጌ፣ አባቴ የጎረቤት ገብስ አጭዶ ጎረቤቱ ደግሞ የእኛን ሊያጭድ ሲመጣ እያየሁ፣ ወንፈልን የቪዲዮ ልጅ ያስተምረኝ! እሺ አልኩት። ቀኑን የሚመርጠው አዝመራው የደረሰበት ሰው ነው፤ ስለዚህ መቼ ብዬም አልጠየቅኩ።

ሰኞ በጠዋት ስልኩንና ማቆሚያውን ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሠራ። ፍርፍሩ ትኩስ ሆኖ እንዲታይ አራት ጊዜ አሠራኝ። እኔ ካሜራው ፊት ምላሴ ሲተሳሰር እየሳቀ ቁጭ አድርጎ ውኃ አጠጣኝ። በስምምነት እንደሠራውም ቪዲዮው ላይ ተናገረ፣ ተከታዮቼን አልዋሽም ብሎ። ሐሙስ ከሰዓት ለቀቀው። ከታች የሚጽፈው ሰው ብዛቱ! የት ነው ይላል አንዱ፣ ቅዳሜ እንመጣለን ይላሉ ተማሪዎቹ። ለአከራዬ ሄጄ አሳየኋቸውና እስቲ ቅዳሜን እንይ አሉ።

ያን ዕለት ማታ ልጁ ደወለ። ቅዳሜ የእናቱ ተዝካር ነው። ጓዳውን ልትይዝለት የነበረች አክስቱ ታማ ተኝታለች፣ እህት የለውም። ቀኔን ስጪኝ አለ።

እናቱ መሞቷን እንኳ አላውቅም ነበር። ሰኞ ሲስቅ የዋለው ያን ሐዘን ይዞ ነው። ነፍስ ይማር አልኩና ወዲያው፣ አፌ ይቆረጥ፣ እሑድ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ተዝካር በሰው ልክ አይዛወርም። ወጥ ሠርቼ ልላክ፣ ወጥ የምትሠራ ሴት ቀጥሬ ልላክ አልኩት።

«ወጥ አላነሰኝም እትዬ። እንደ እናቴ ሆኖ ጓዳዬ የሚቆም ሰው ነው ያጣሁ።»

እስቲ ልየው አልኩት። እንቢ ለማለት እንኳ ወኔ አጣሁ። አርብን ስልኬን አጥፍቼ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ ለእሱ እናት ሳይሆን ለእኔ ደንበኞች። ከራስ በላይ ነፋስ እያልኩ ራሴን ሳጽናና አመሸሁ። የልጆቼን ፊት ባየሁ ቁጥር እውነት ይመስለኛል፤ ዞር ሲሉ ያጠፋሁትን ስልክ አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። በር ላይ ቆመው የጠበቁም ነበሩ። አከራዬ ብቅ ብለው አይተው፣ ቤቱን ለማንም አልሰጥም፣ ሥሪ አሉኝ። ስንት ቀን የጸለይኩበት ቃል ነበር። እሰይ ማለት አቃተኝ።

ወደ ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ፣ ያ ልጅ ዛሬ አይመጣም ወይ፣ አብረነው ፎቶ ልንነሣ ነበር አለችኝ። የእናቱ ተዝካር ነው አልኳት። ልጅቷ ሳህኑን ትንሽ አየችና፣ ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ ገርሟት ነው። ማኪያቶ ልጨምርልሽ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወደ ልጁ ቤት አንድ ቀን ብቻ ሄድኩ፣ ስኳርና ቡና ይዤ። ጎረቤቶቹ ጓዳውን እንደያዙለት ነገሩኝ፤ እሱ አልነበረም። ይቅርታ ብዬ የጻፍኩትንም አንብቦት ዝም አለ።

ቁርስ ቤቴ እስከ ዛሬ ክፍት ናት። ቪዲዮውንም ከገጹ አላነሳውም፤ ዛሬም እሱን አይተው የሚመጡ አሉ። አንዳንድ ጠዋት ልጁ ራሱ በበሩ ያልፋል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ፣ እስኪያልፍም አልወጣም።