ውድ፣ እመቤት

በቢሮው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሆነው የእህቴ ልጅ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ነበር፤ ሲቆጣ መቀመጥ አይችልም። ኢሜይል የምትጽፈው ልጅ በሩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለፋይል መደርደሪያው ሰጥታ ቆማለች። የወጥ ቤቷ ሴት ባዶ ብርጭቆዎች ልትሰበስብ ትሪ ይዛ ገብታ መሀል ላይ ቀርታለች። እኔ ነጠላዬን ወንበሩ ላይ ጥዬ በመስኮቱ በኩል ቆሜያለሁ።

ማረፊያው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። የሚያርፉት ከፍታ ላይ ሩጫ ለመለማመድ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ፣ ጥያቄውም መልሱም በእንግሊዝኛ ኢሜይል ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። የእህቴ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት እየመጣሁ የሚላከውን እንድመለከትለት የለመነኝ ለዚህ ነበር።

ልጅቷ ከመሪ ኮንዶሚኒየም ታክሲ እየቀያየረች ትመጣለች። የዚያን ቀን የሙከራ ጊዜዋ ያልቅ ነበር። መቀጠር አለመቀጠሯን የሚወስነው የግምገማ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅጹ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የእሱንና፣ ደብዳቤዎቹን የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ የእኔን። እሱ ፈርሟል። ከፊርማው በላይ «ሥርዓተ ነጥብ አታውቅም፤ የተሰጣትን ናሙና ታበላሻለች፤ ትሰናበት» ብሎ ጽፏል።

«ይፈርሙልኝ፣ አክስቴ» አለ። «ሥራ አለብኝ።»

«ያበላሸችውን አሳየኝ።»

ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። አንዱ እሱ ራሱ ያዘጋጀው ናሙና ነው። ከላይ «ዲር» ይልና ኮማ፣ ከዚያ «ማዳም»፤ ከ«ማዳም» በኋላ ምንም የለም። ከታች መሰናበቻው «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ይልና ከኋላው ምንም የለም፤ ቀጥሎ ስሙ፣ ከስሙ በኋላ ኮማ። ሌላው ልጅቷ ክፍል ለጠየቀች አንዲት የውጭ አገር አሠልጣኝ የላከችው ነው። የላይኛዋን ኮማ ከ«ዲር» አንሥታ ከ«ማዳም» በኋላ አድርጋታለች። የታችኛዋን ከስሙ በኋላ አንሥታ ከስሙ በፊት፣ ከመሰናበቻው ቃል መጨረሻ ላይ አስቀምጣታለች። ሌላ የተነካ ነገር አልነበረም።

እንዲህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ይቺ ኮማ ቦታዋ እዚህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት፤ ቦታውንም አሳየኋት። ናሙናው የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አሁን በሩ አጠገብ ቆማ አታውቅም ስትባል፣ «እማማ ነግረውኝ ነው» አላለችም። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው። በእኔ ምክር እሷ ትወቀስ ነበርና።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አልኩ።

«እርስዎ የተማሩት በታይፕ ዘመን ነው። ይሄ ኢሜይል ነው።»

«ኮማው ያው ነው።»

«ይቆዩ እንጂ፤ እንግዶቹ ሄሎ ብለው ሲጽፉልኝ ከሄሎ በኋላ ኮማ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ስሜን። በዓይኔ ያየሁት ነው። ከሄሎ በኋላ ካለ ከዲር በኋላ የማይኖረው ለምንድን ነው?»

ደህና ጥያቄ ነበር። ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሄሎ ሰላምታ ነው፤ ብቻውን ይቆማል» አልኩት። «ሰላም ትልና ታርፋለህ፣ ከዚያ ሰውየውን ትጠራለህ። ዲር ግን ውድ ማለት ነው። ከምትጠራው ሰው አይነጠልም። ለእናትህ ስትጽፍ ‹ውድ› ብለህ ቆመህ፣ ትንፋሽ ወስደህ ነው ‹እናቴ› የምትለው?»

የወጥ ቤቷ ሴት ትሪውን ደረቷ ላይ አስደገፈች። «ውድ... እመቤት» አለች፣ እያረፈች። «ጋሼ፣ በዚህ መሀልማ እኔ ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሳቋን ነበር የምትደብቀው።

«አንቺ ወጥሽን ጠብቂ» አላት።

«ወርዷል፣ ጋሼ» አለች፤ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ወደ እኔ ዞረ። «የታችኛውስ? ስሜን ያለ ምልክት ራቁቱን ልተወው?»

«ከስምህ በኋላ ኮማ ካለ አንባቢው የሚቀጥል ነገር ይጠብቃል። የሚቀጥል ነገር የለህም። መሰናበቻው፣ ኮማ፣ ወደ ታች ወርደህ ስምህ፤ አለቀ። በአማርኛም ‹ከሰላምታ ጋር› ብለህ ነጠላ ሰረዝ አድርገህ ነው ስምህን የምትጽፈው። ሁለቱንም ኮማ የሚተዉ ቢሮዎች አሉ፤ ከላይ ከተዉት ከታችም ይተዉታል። አሜሪካኖች ከላይ በኮማ ፈንታ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ። ዲርን ከማዳም የሚያፋታ ግን አላየሁም።»

ልጅቷን አሠልጣኟ መልሳ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ትናንት መልሳለች። ክፍሎቹን ይዛለች።»

«አትሚው።»

አተመችው። አሠልጣኟ «ዲር ሰር» ብላ ኮማዋን ከ«ሰር» በኋላ አድርጋለች። ከታችም ከስሟ በፊት፣ ከመሰናበቻው ቃል መጨረሻ ላይ። ወረቀቱን ከቅጹ አጠገብ አስቀምጬ ጣቴን በሁለቱ ቦታ ላይ አሳረፍኩ።

የእህቴ ልጅ ብዙ አየው። ይህን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሲሳሳት ከንፈሩን ይነክስና ራሱ ያጠፋው ነበር። አሁንም ከንፈሩን ነከሰ፤ ቅጹን ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ፈረንጅ እንደፈለገ ይጽፋል» አለ። «ናሙናው የኔ ነው፣ ቤቱም የኔ ነው። ሳታስፈቅደኝ ነካችው። ደግሞ ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ነው ይሄ ሁሉ ንግግር?»

«ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ሰው የምታሰናብተው አንተ ነህ።»

«ይፈርሙ፣ አክስቴ።»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው በኔ ፊርማ ብቻ ትሄዳለች።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከመደርደሪያው ላይ አነሣች። የወጥ ቤቷ ሴት ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የልጅቷን ክንድ ያዘች። እኔ ከማተሚያው ላይ አንድ ንጹሕ ወረቀት ሳብሁ። «ጠብቂኝ» አልኳትና እንደቆምኩ ጻፍኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ፣» ብዬ ጀመርኩ፤ ነጠላ ሰረዟን ጠበቅ አድርጌ። ከእሷ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፤ የተጠራጠረችውን እንደምትጠይቅ፣ የተነገራትን በትክክል እንደምትሠራ፣ በሌላ ሰው እንደማታሳብብ። ከታች «ከሰላምታ ጋር፣» ብዬ፣ መስመር ዝቅ ብዬ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።

«ማህተም የሌለው ምስክርነት ማን ያነበዋል?» አለ።

«ማህተሙን አንተ ያዘው።»

ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ያልፈረምኩበትን ቅጽ ወደ እሱ ገፋሁለት፣ ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ወጣሁ።